ለስትሪፕ ፉቲንግ የአፈሩን ሞላ ቁጥር ከየት እናምጣ? አራት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ሳፍ በሚባለው የፋውንዴሽን ዲዛይን ፕሮግራም ላይ ፉቲንግ የሠራ ሁሉ ያቺን ባዶ ሳጥን ያውቃታል። ኮንክሪቱን ሞልተሃል፣ ኮለኖቹን አስቀምጠሃል፣ ጭነቱን ጭነሃል። ከዚያ ፕሮግራሙ ሰብግሬድ ሞዱለስ፣ ማለትም የአፈሩ ሞላ ቁጥር፣ ስንት ነው ብሎ ይጠይቅሃል። አንዱ ከመጽሐፍ ሠንጠረዥ ያያል። ሌላው የአፈር ሪፖርቱ ላይ ያለውን ቤሪንግ ካፓሲቲ በአንድ ቁጥር ያባዛል። ሦስተኛው የፕሌት ሎድ ቴስት ውጤት ይፈልጋል። አራተኛው ሴትልመንቱን፣ ማለትም የፉቲንጉን መውረድ፣ አስልቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። በአንድ ግቢ፣ በአንድ አፈር ላይ አራቱ የሚሰጡት ቁጥር እስከ ስምንት እጥፍ ሲለያይ ጅማ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የትኛውን እንምረጥ ለሚል ሰው ነው። ሶፍትዌር ከሶፍትዌር አላወዳድርም። ሳጥኗ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ከተበላሸ የትኛውም ፕሮግራም አያድንህም።

ሞዱለሱ ምን ማለት ነው?

ነገሩን ቪንክለር በ1867 ሲጀምረው በጣም ቀላል አድርጎት ነበር። ፉቲንጉ አልጋ ላይ የተጋደመ ጣውላ ነው፣ አፈሩ ደግሞ ከሥሩ የተደረደረ ሞላ ነው። እያንዳንዱ ሞላ ከጎረቤቱ ጋር አይነጋገርም። የተጫነው ብቻ ይወርዳል። ሞዱለሱ ማለት እንግዲህ አፈሩ አንድ ሜትር እንዲወርድ በካሬ ሜትር ስንት ኪሎኒውተን ይፈልጋል ማለት ነው። ጫናውን ለሴትልመንቱ ማካፈል ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። መለኪያው ኪሎኒውተን በሜትር ኩብ ነው፤ ከዚህ በኋላ ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴትልመንት የአፈር ብቻ ጉዳይ አይደለም። ሰፊ ፉቲንግ በዚያው ጫና ከጠባቡ የበለጠ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ጫናውን ወደ ጥልቀት ይዞ ይገባል። ስለዚህ «የጅማ ቀይ አፈር ሞዱለስ ይህን ያህል ነው» የሚባል ነገር የለም። የዚህ አፈር፣ ይህን ያህል ስፋት ካለው ፉቲንግ ሥር፣ በዚህ ጊዜ ነው የሚባለው። የአራቱ መንገዶች ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

በምን እንመዝናቸው?

አራት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ መንገዱ የፉቲንጉን ስፋት ያውቃል? ሁለተኛ፣ ከላይ ያለውን ደረቅ አፈር ብቻ ነው የሚያየው ወይስ ከሥሩ ያለውን ለስላሳውንም? ሦስተኛ፣ ጊዜንና ውሃን ይቆጥራል? ጭቃማ አፈር ዛሬ ተጭኖ ዛሬ አይወርድም፤ ውሃውን እየጨመቀ ወራትና ዓመታት ይወስዳል። አራተኛ፣ ስንት ብርና ስንት ቀን ይበላል?

አምስተኛ ጥያቄም አለ፣ እሱ ግን ለመንገዱ ሳይሆን ለራስህ ነው። ከሞዱለሱ የምትፈልገው ምንድን ነው? ሞመንት ነው ወይስ ሴትልመንት? ለዚህ የምትሰጠው መልስ ስንት ብር ማውጣት እንዳለብህ ይወስናል። ምክንያቱን በቁጥር አሳያለሁ።

የምንሠራበት ምሳሌ

ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ያለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። በአንድ በኩል የጎረቤት ግድግዳ ስላለ ነጠላ ፉቲንግ ለማስፋት ቦታ አልነበረም። ሦስት ኮለኖችን በአንድ ስትሪፕ ፉቲንግ አያይዘናቸዋል። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 60 ሳንቲ ሜትር። ኮለኖቹ በ5 ሜትር ርቀት ናቸው፣ ከዳር በየጎኑ 1 ሜትር ይተርፋል። የዳሮቹ ጭነት 450፣ የመሀሉ 700 ኪሎኒውተን። ድምሩ 1600 ነው፤ ለ18 ካሬ ሜትር ሲካፈል 89 ኪሎፓስካል ይደርሳል። ኮንክሪቱ C-25 ነው፣ ግትርነቱን 30 ጊጋፓስካል ይዘናል።

አፈሩ የተለመደው ነው። ከላይ ጠንከር ያለ ቀይ ሸክላ፣ ከፉቲንጉ ግርጌ 1.5 ሜትር ድረስ። ከዚያ በታች 3 ሜትር ያህል ግራጫ፣ እርጥብ፣ በአውራ ጣት የሚጎደጉድ። ሪፖርቱ የፈቀደው ቤሪንግ 150 ኪሎፓስካል ነው።

አንደኛው መንገድ፦ ሠንጠረዥ

የፋውንዴሽን መጻሕፍት ላይ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ለሸክላ አፈር፣ የሚፈቀደው ቤሪንግ 200 ኪሎፓስካል ካልበለጠ፣ ሞዱለሱ ከ12,000 እስከ 24,000 ነው ይላል። ብር አያስወጣም፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ስፋትህን አይጠይቅህም። ከሥር ምን እንዳለም አይጠይቅህም። ሠንጠረዡ መጠቀሚያው ሌላ ነው፦ ከሌላ መንገድ ያገኘኸው ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ ቆም ብለህ እንድታስብ ነው። ከዚህ በላይ አልጠብቅበትም።

ሁለተኛው መንገድ፦ በ40 ማባዛት

ቢሮዎች ውስጥ በብዛት የሚሠራበት ይህ ነው።

```
k = 40 × SF × qa
  = 40 × 3 × 150 = 18,000
```

40 ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው መልሱ። የመጣው ከ25 ሚሊ ሜትር ነው። የሚፈቀደውን ቤሪንግ በደህንነት ቁጥሩ ስታባዛው አፈሩ የሚሰበርበትን ጫና ታገኛለህ። ያንን በ0.025 ሜትር አካፍለው፣ ማለትም በ40 አባዛው። እንግዲህ ፎርሙላው ያለው «አፈሩ በሚሰበርበት ጫና 25 ሚሊ ሜትር ይወርዳል» ነው። ይሄ ግምት ነው፣ ልኬት አይደለም።

አደጋው ያለው ጥንካሬንና ግትርነትን አንድ ማድረጉ ላይ ነው። አንድ አፈር ላይሰበር ይችላል፣ ግን ቀስ ብሎ ብዙ ሊወርድ ይችላል። የኛ ግራጫ አፈር እንዲያ ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ሪፖርቱ የጻፈው 150 ቀድሞውኑ በሴትልመንት ተገድቦ የመጣ ከሆነ፣ በ3 ማባዛት ትርጉም የለውም። ሪፖርቱን የጻፈውን ሰው ደውላችሁ ጠይቁት። አንድ ስልክ ነው።

ሦስተኛው መንገድ፦ ፕሌት ሎድ ቴስት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የተሸወድኩት እዚህ ነው።

የካቲት ነበር። ጉድጓዱ ፉቲንጉ የሚያርፍበት ጥልቀት ድረስ ተቆፍሯል። ወለሉ ላይ ስስ አሸዋ ተነጥፎ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ብረት ተቀመጠ። ከላዩ ክሪክ፣ ከክሪኩ በላይ ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ። ብረቱ ትንሽ ስለሆነ 300 ኪሎፓስካል ለመድረስ እንኳን ሁለት ቶን ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለት ዲያል ጌጆች ከጎንና ከጎን። ልጁ ክሪኩን ይረግጣል፣ ሌላው ያነባል፣ መርፌዋ ረጋ እስክትል ይጠበቃል፣ እንደገና ይረገጣል። የሕንፃው ባለቤት ሐጂ ጃንጥላቸውን ለፀሐይ ይዘው ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ይቺ ሰሃን ናት የኔን ቤት የምትወክለው?» አሉኝ።

«አዎ ሐጂ፣ እንደ ናሙና ነው የሚያዩዋት።»

«እንደ ናሙናማ ከሆነ ትንሽ አነሰች።»

ሳቅሁ። ትክክል ነበሩ።

ውጤቱ እንዲህ ነው። በ120 ኪሎፓስካል ብረቱ 3 ሚሊ ሜትር ወረደ። 120ን ለ0.003 ስታካፍል 40,000 ይመጣል። ደስ የሚል ቁጥር ነው። ቀጥታ ሳጥኗ ውስጥ አስገባሁት።

ስህተቱ ምኑ ላይ ነው? 40,000 የ30 ሳንቲ ሜትሩ ብረት ሞዱለስ ነው፣ የ1.5 ሜትሩ ፉቲንግ አይደለም። ቴርዛጊ በ1955 ለሸክላ አፈር የሰጠው ማስተካከያ ቀላል ነው፦

```
k = k_plate × 0.3 / B
  = 40,000 × 0.3 / 1.5 = 8,000
```

ፉቲንጉ ረጅም ስለሆነ ደግሞ ሌላ ቅነሳ አለ። ርዝመቱ ከስፋቱ 8 እጥፍ ነው፤ በሱ ሲታይ ሌላ 0.71 ይባዛበታል፣ ወደ 5,700 ይወርዳል። ከ40,000 ወደ 5,700! ለአሸዋ ፎርሙላው ሌላ ነው፤ የአሸዋውን ለሸክላ የሚጠቀሙም አጋጥመውኛል።

ከተስተካከለ በኋላም ሁለት ነገር ይጎድለዋል። ክብ ብረቱ ጫናውን በጉልህ የሚያደርሰው የስፋቱን እጥፍ ያህል፣ 60 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው። ያ ግራጫው አፈር 1.5 ሜትር ላይ ነው የሚጀምረው። ቴስቱ አላየውም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ቴስቱ በየካቲት ደረቅ አፈር ላይ ለጥቂት ሰዓት ነው የተሠራው። ጅማ ዝናቡ ከከፈተ በኋላ ያው ቀይ አፈር ሌላ አፈር ነው። ለምርመራ የሚወጣው ብር ደግሞ ከአራቱ መንገዶች ትልቁ ነው፤ መኪናው፣ ክሪኩ፣ ሠራተኛው፣ የቆመው ቀን።

አራተኛው መንገድ፦ ሴትልመንት አስልቶ መመለስ

ትርጉሙን ቀጥታ መጠቀም ነው። ፉቲንጉ ስንት እንደሚወርድ በአፈር ሜካኒክስ አስላ፣ ከዚያ ጫናውን በሱ አካፍል። ለዚህ ቦርሆል ያስፈልጋል፣ ከእያንዳንዱ ድርብርብ ያልተረበሸ ናሙና ያስፈልጋል፣ ላብራቶሪ ውስጥ የኮንሶሊዴሽን ቴስት ያስፈልጋል። ከቴስቱ የሚመጣው ቁጥር አፈሩ በእያንዳንዱ ኪሎፓስካል ስንት እንደሚጨመቅ ይነግርሃል።

የኛ ምሳሌ ላይ እንሥራው። ጫናው ወደ ታች ሲወርድ በየሜትሩ በግማሽ በግማሽ ሜትር ወደየጎኑ ይሰፋል ብለን እንያዝ፤ ማለትም አንድ ሜትር በወረድን ቁጥር ስፋቱም ርዝመቱም አንድ አንድ ሜትር ይጨምራል። በቀዩ አፈር መሀል፣ 0.75 ሜትር ላይ፣ 1600ው ኪሎኒውተን 2.25 በ12.75 ሜትር ላይ ተበትኗል። 56 ኪሎፓስካል ይሆናል። የቀዩ አፈር መጨመቂያ ቁጥር 0.10 በሜጋፓስካል ነው፤ በ1.5 ሜትር ውፍረት ሲባዛ 8.4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

በግራጫው መሀል፣ 3 ሜትር ላይ፣ ጫናው 4.5 በ15 ሜትር ላይ ተበትኖ 24 ኪሎፓስካል ብቻ ቀርቷል። ትንሽ ይመስላል። ግን ቁጥሩ 0.15 ነው፣ ውፍረቱም 3 ሜትር ነው። 10.7 ሚሊ ሜትር።

ድምሩ 19 ሚሊ ሜትር። 89ን ለ0.019 ብታካፍል ወደ 4,700 ይመጣል። ከግማሽ በላይ የሆነው መውረድ የመጣው ፕሌቱ ካላየው አፈር ነው። ይህ መንገድ ከአራቱ ስፋቱን፣ ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚያውቀው ብቸኛው ነው። ድክመቱ ናሙናው ላይ ነው። መንገድ ላይ የተንቀጠቀጠ፣ ወይም በቱቦው ውስጥ የደረቀ ናሙና የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣል። ናሙናው ሰም ተቀብቶ መምጣቱን እኔ ራሴ ካላየሁ አላምንም።

ቁጥሩ ሲቀየር ምን ይቀየራል?

አሁን ወደ አምስተኛው ጥያቄ። ያንኑ ፉቲንግ በሦስት ሞዱለስ ሠራሁት። ከጎኑም ሞላ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ አፈሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይገፋል በሚለው በድሮው ቀጥተኛ መንገድ ሠራሁት። ሞመንቶቹ በኪሎኒውተን ሜትር ናቸው።

| ሞዱለስ | መውረድ፣ ሚሊ ሜትር | ሞመንት ከመሀል ኮለን ሥር (ፌሮ ታች) | ሞመንት በኮለኖች መሀል (ፌሮ ላይ) |
|---|---|---|---|
| ያለ ሞላ፣ እኩል ግፊት | አይሰጥም | 150 | 309 |
| 5,000 | ከ17 እስከ 20 | 208 | 270 |
| 10,000 | ከ8 እስከ 10 | 239 | 248 |
| 40,000 | ከ2 እስከ 3 | 296 | 196 |

ከ5,000 ወደ 40,000 ሞዱለሱ ስምንት እጥፍ ሆነ። መውረዱም ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ቀነሰ። ሞመንቱ ግን የታቹ በ42 በመቶ ጨመረ፣ የላዩ በ27 በመቶ ቀነሰ። ለምን? የፉቲንጉን ባሕርይ የሚወስነው ይህ ነው፦

```
λ = (k·B / 4EI)^(1/4)
```

k ሞዱለሱ፣ B የፉቲንጉ ስፋት፣ EI የፉቲንጉ የመጉበጥ ግትርነት ነው። አራተኛ ሥር ነው። ስምንት እጥፍ የሆነ ሞዱለስ λን 1.7 እጥፍ ብቻ ያደርገዋል። ስለዚህ ሞመንት ብቻ የሚፈልግ ሰው ለሞዱለሱ ትክክለኛነት ብዙ ብር ማውጣት የለበትም። ሴትልመንት የሚፈልግ ሰው ግን በሞዱለሱ የሠራው ስህተት ሳይሸራረፍ ይመጣበታል።

ጠንካራ አፈር ሲሆን ለምን የታቹ ሞመንት ይጨምራል? ሞላው ሲደድር ጭነቱ ከኮለኑ ሥር ይሰበሰባል፣ ፉቲንጉ እዚያ ጋ ይጎብጣል። ሞላው ሲላላ ፉቲንጉ ከአፈሩ አንጻር ግትር ይሆናል፣ ግፊቱን ወደ መሀል ሜዳው ያሰራጨዋል፣ ያኔ በኮለኖቹ መሀል ወደ ላይ ይነፋል። ይህ የፌሮ ነገር ነው።

በፌሮ እንየው። ሞመንቱን በ1.4 አሳድጌ፣ በ500 ሜጋፓስካል ብረት፣ በባለ 16 ፌሮ ቆጠርኩት። በ40,000 ታች 10፣ ላይ 7 ፌሮ ይወጣል። በ5,000 ታች 7፣ ላይ 9 ይወጣል። ያኔ የፕሌቱን 40,000 ሳላስተካክል የሠራሁት ድሮዊንግ ላይ የላዩ 7 ፌሮ ነበር የተሳለው። ሁለት የላይ ፌሮ ጎድሎ ነበር። ያየው አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነው። ሞመንቱን አይደለም ያየው፣ መውረዱን ነው። «ጋሼ፣ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ጭቃ ላይ ቆሞ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚወርደው?» አለኝ። ፌሮው ገና አልታሰረም ነበር፣ ተመስገን። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ሞዴል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው መውረዱን ነው። ሸክላ ላይ 2 እና 3 ሚሊ ሜትር ካየህ አንድ ሰው ማስተካከያውን ረስቷል።

በመጨረሻ ታች 10፣ ላይ 9 አደረግነው። ሁለቱንም ጫፍ የያዝነው ለጥንቃቄ ብቻ አይደለም። ሁለቱም በሕንፃው ዕድሜ ውስጥ ይመጣሉ። ኮለኑ እንደተጫነ ውሃው ገና አልወጣም፣ አፈሩ ደድሮ ይታያል። ከዓመታት በኋላ ያው አፈር ልል ሞላ ይሆናል። ሐጂ የተጨመረውን የሁለት ፌሮ ሒሳብ አይተው ምንም አላሉም። የሲኖትራኩን ኪራይ ግን እስከ ዛሬ ያነሱብኛል።

አራቱ ጎን ለጎን

| መንገድ | ለኛ ምሳሌ የሰጠው | ስፋቱን ያውቃል? | ጥልቁን አፈር ያያል? | ጊዜንና ውሃን ይቆጥራል? | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሠንጠረዥ | 12,000–24,000 | የለም | የለም | የለም | ምንም |
| በ40 ማባዛት | 18,000 | የለም | ሪፖርቱ ካየው ብቻ፣ በጥንካሬ በኩል | የለም | ምንም |
| ፕሌት፣ ሳይስተካከል | 40,000 | የለም | የለም | የለም | ከፍተኛ |
| ፕሌት፣ ተስተካክሎ | 5,700–8,000 | አዎ | የለም | የለም | ከፍተኛ |
| ከሴትልመንት | 4,700 | አዎ | አዎ | አዎ | መካከለኛ፣ ቦርሆሉ ካለ |

ሰው የማያስተውለው የመጨረሻውን ዓምድ ነው። ቦርሆሉ ለሕንፃው ፈቃድ ቀድሞ ከተቆፈረ፣ ሁለት የኮንሶሊዴሽን ቴስት መጨመር ሲኖትራክ ከማቆም ይረክሳል። ግን ማሽኑ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት መናገር አለብህ። ከወጣ በኋላ ናሙና ፍለጋ መመለስ ሌላ ዋጋ ነው።

ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ፉቲንጉ አጭር ከሆነ ይህን ሁሉ እርሳው። λን በርዝመቱ አባዛ። 0.8 ካልደረሰ ፉቲንጉ ግትር ነው፣ እኩል ግፊት ብለህ በካልኩሌተር ጨርሰው። በዚህ ምሳሌ ውፍረትና በ5,000 ሞዱለስ፣ ከ3.5 ሜትር የማይበልጥ ፉቲንግ እዚህ ውስጥ ይገባል። የኛ 12 ሜትሩ 2.6 ነው፤ ስለዚህ ሞላ ያስፈልገዋል። እኩል ግፊት ብለን ብንተወው የመሀል ኮለን ሥር 150 ብቻ ይዘን የታች ፌሮውን ከሚያስፈልገው በታች እናደርገው ነበር።

ከላይ ወደ ጅሬን በኩል፣ ቀዩ አፈር ጥልቅ በሆነበት፣ አንድ ፎቅ ያለው መኖሪያ ቤት ከሆነና በጀቱ ጠባብ ከሆነ፣ በ40 ማባዛት ይበቃል። ግን ቁጥሩን በስፋቱ አሳንሰው፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ ሩጥ፦ አንዴ በግማሹ፣ አንዴ በእጥፉ። ከሁለቱ ትልልቁን ሞመንት ያዝ። የምትጨምረው ጥቂት ፌሮ ነው፤ የምትቆጥበው ቴስት ግን ብዙ ነው። መውረዱን ግን ከዚህ ሞዴል አንብበህ ለማንም እንዳትናገር።

ባለ አራትና አምስት ፎቅ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ረድፍ ስትሪፕ ሌላው ነጠላ ፉቲንግ ከሆነ፣ አራተኛውን ነው የምመክረው። እዚህ ላይ የሚያስጨንቀው ሞመንት አይደለም፣ ሁለቱ ረድፎች እኩል አለመውረዳቸው ነው። ያንን በግምት አትነካውም። ፕሌት ሎድ ቴስት ጨምርልኝ የሚል ካለ ጠጠር የተሞላበትን ወለል ለማረጋገጥ ይሁን፣ ለሸክላው አይደለም።

መርካቶ ውስጥ ከአሮጌ ቤት ጋር ትከሻ ለትከሻ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ የትኛውም ሞዱለስ የማይነግርህ ነገር አለ። ሞላዎቹ አይነጋገሩም ብያለሁ። ያንተ ሕንፃ ሲወርድ የጎረቤትህን አፈር ይዞ ይወርዳል፣ የጎረቤት ግድግዳ ይሰነጠቃል። ሞዴሉ ውስጥ ከፉቲንጉ ጠርዝ አንድ ሳንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ያለው መሬት ንቅንቅ አይልም። የጎረቤትን መውረድ ለብቻው በአፈር ሜካኒክስ አስላው። ያው አለመነጋገር ከዳርና ከመሀል ያለውንም ልዩነት ያጠፋዋል፤ ለዚህ አንዳንዶች የዳር ሞላዎቹን የመሀሎቹን እጥፍ ያደርጋሉ። ለረጅም ስትሪፕ እኔም አንዴ እንዲያ አድርጌ እሮጣለሁ፣ ሞመንቱ ካልተናወጠ እተወዋለሁ።

ሞላዎቹ እንዳይጎትቱም አድርጉ። ከፉቲንጉ ዳር አንዱ ወደ ላይ ከተነሳ ተራ ሞላ ወደ ታች ይስበዋል፣ አፈር ግን አይስብም። ሳፍ ላይ ይህን የሚያጠፋ ምርጫ አለ፤ እሱን ስትመርጥ ትንታኔው ኖንሊኒየር ስለሚሆን እያንዳንዱን የጭነት ጥምር ለየብቻ መሮጥ ይኖርብሃል።

ወደ ቦዬ ረግረግ በኩል፣ ዋልካው ላይ ከሆነ፣ ከአራቱ አንዱንም አልመርጥም። ሞላ የሚያውቀው መጫንን ነው። ዋልካ በክረምት አብጦ ከታች ይገፋል፣ በበጋ ተሰንጥቆ ይሸሻል። 4,700 ብታስገባ 40,000 ብታስገባ ፕሮግራሙ ያንን እብጠት አያሳይህም። እዚያ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ለእብጠት ምርመራ ነው። ከዚያ አፈሩን ቆርጦ ማውጣት ነው ወይስ ከሱ አልፎ መውረድ የሚለው ይወሰናል። የሞዱለስ ሳጥኗ ከዚያ በኋላ ትጠብቅ።